ስንት ከረጢት ገባ? ስንቱ ቤት ሆነ?

ስልኩ ብዙውን ጊዜ የሚደወለው ባለቤቱ ከሥራ ሲገባ ነው። «ሲሚንቶ አልቋል፣ ነገ ሥራ እንዳይቆም ገንዘብ ላክ።» ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲሰማ ሁለት ምርጫ ያለው ይመስለዋል፤ አምኖ መላክ ወይም ተጠራጥሮ መጣላት። ሦስተኛውና ትክክለኛው መንገድ ግን ማስላት ነው። ወደ ግቢው ስንት ገባ? ቤቱ ላይ ስንት ዋለ? መጋዘን ውስጥ ስንት ቀረ? እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ካልገጠሙ ልዩነቱ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጧል፣ ቦታውም ይገኛል።

ይህ ሒሳብ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ተቋራጩ የእጅ ዋጋ ብቻ በሚከፈለውና ዕቃውን ባለቤቱ በሚያቀርብበት ውል ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ውል የሚገዛው ሌላ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወንድም ወይም አክስት። የሚረከበው ዘበኛው ነው፣ የሚጠቀመው ደግሞ ተቋራጩ። ዕቃው በሦስት እጅ ስለሚያልፍ ጉድለት ሲፈጠር ሦስቱም እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን በቅንነት የሚሠራውን ዘመድም ይጠብቃል።

ነገሩን በአንድ ቤት እንየው። አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ የሚሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው እንበል። መሠረቱ አልቋል፣ ከመሠረቱ ሥራ የተረፈ ሲሚንቶ የለም። አሁን የሚሠራው የምድር ቤቱ ኮለን፣ ቢምና ሶሌታ ነው። የብሎኬት ግንባታው ገና አልተጀመረም። ለዚህ ሥራ 260 ከረጢት ሲሚንቶ ገብቷል፣ ሶሌታው ተሞልቶ ሲያበቃ መጋዘን ውስጥ 14 ከረጢት ተቆጥሯል። ስለዚህ በመዝገቡ መሠረት 246 ከረጢት ሥራ ላይ ውሏል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሲሚንቶ ገበያ ዋጋ የሚነገረው ብዙ ጊዜ በኩንታል ነው፣ አንድ ኩንታልም 100 ኪሎ ወይም ሁለት ከረጢት ነው። ግቢ ውስጥ ያሉ ሰዎች ግን አንዱን የ50 ኪሎ ከረጢት «ኩንታል» ሲሉ ይሰማል። ደረሰኙ በኩንታል፣ የዘበኛው ደብተር በከረጢት ከተጻፈ ግማሽ የጠፋ ወይም እጥፍ የገባ ይመስላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ሁሉም ነገር በ50 ኪሎ ከረጢት ይመዝገብ።

አሁን ሥዕሉን ይዘን የሚያስፈልገውን እናስላ። ሶሌታው 120 ካሬ ሜትር ሲሆን ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 18 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቢሙ በጠቅላላ 84 ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 40 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከ40ው ውስጥ 15ቱ የሶሌታው አካል ስለሆነ አስቀድሞ ተቆጥሯል። የሚጨመረው ከሶሌታው በታች ያለው 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ እሱም 5.25 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሙሉውን 40 የቆጠረ ሰው ያልተሠራ 3 ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ይጨምራል፣ ያም ከ20 በላይ ከረጢት «በሕጋዊ መንገድ» ይሰውራል። ባለ 30 በ30 የሆኑት 12 ኮለኖች ደግሞ እያንዳንዳቸው 2.6 ሜትር ስለሚቆሙ 2.8 ሜትር ኩብ ይወስዳሉ። ድምሩ 26 ሜትር ኩብ ገደማ ነው።

ለሲ 25 ኮንክሪት በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ከተወሰነ 7.2 ከረጢት ማለት ነው። ለ26ቱ ሜትር ኩብ 188 ከረጢት ያስፈልጋል። የሚፈሰውን፣ የሚቀደደውንና በባሬላ ላይ የሚቀረውን ለመሸፈን 5 በመቶ ስንጨምር 197 እንደርሳለን። መዝገቡ 246 ይላል። የ49 ከረጢት ልዩነት አለ።

ባለቤቱ በዚህ ሰዓት ስልኩን አንሥቶ «ሌቦች» ቢል ሊሳሳት ይችላል። ልዩነት ስም ከማግኘቱ በፊት መበተን አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ ሥዕሉ ላይ የሌለ ሥራ ተሠርቷል ወይ የሚል ነው። ተሠርቷል፤ ቤተሰቡ በቃል ያዘዘው የውጭ ደረጃ 2.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ወስዷል፣ 18 ከረጢት። ሁለተኛው ጥያቄ የተሠራው ሥራ ልኩ በሥዕሉ ልክ ነው ወይ የሚል ነው። ሶሌታው በዳርና በደረጃው ክፍት ቦታ በኩል በበርካታ ነጥብ ሲለካ በአማካይ 16.5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ፎርምወርኩ ውሃ ልኩን ካልጠበቀ ወይም ከክብደቱ የተነሣ መሐሉ ከረገበ እንዲህ ይሆናል። አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር በ120 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ 1.8 ሜትር ኩብ ነው፣ 14 ከረጢት በላ። ይህ ስርቆት ሳይሆን የሥራ ጉድለት ነው። ውሉ ከተፈቀደው ብክነት በላይ የሚወጣውን ተቋራጩ ይሸፍናል የሚል ከሆነ እዚህ ላይ ይሠራል።

ከ49ኙ 17 ከረጢት ቀረ። አሁን የሚመሰክረው ባዶው ከረጢት ነው።

በግቢው የተከፈተ ሲሚንቶ ሁሉ ባዶ ከረጢቱን ትቶ ይሄዳል። ባዶዎቹ በየቀኑ አሥር አሥር እየሆኑ ታስረው፣ እስኪቆጠሩ ድረስ ካልተሸጡና አፈር ካልተጫነባቸው፣ ጥሩ ምስክር ናቸው። በዚህ ቤት 230 ባዶ ከረጢት ተገኘ። ሥራ ላይ ዋለ የተባለው 246 ነው፤ ስለዚህ 16 ከረጢት እዚያ ግቢ ውስጥ አልተከፈተም። ወይ ሙሉውን ወጥቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልገባም።

ሲሚንቶው የገባው በሦስት ጊዜ ነው፤ 100፣ 100 እና 60። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጭነቶች ሲራገፉ ዘበኛውና ፎርማኑ አብረው ቆጥረው ፈርመዋል። ሦስተኛው የመጣው አመሻሽ ላይ፣ ፎርማኑ ከሄደ በኋላ ነው። ዘበኛው የመረካከቢያ ወረቀቱ ላይ 60 የሚለውን አይቶ ፈረመ። ይሁንና በልማዱ ያነሣው ፎቶ ስልኩ ላይ አለ። በግድግዳው ጥግ በአንድ ረድፍ የተደረደሩት አራት ክምሮች አሥር አሥር ናቸው፣ አምስተኛው ላይ አራት ከረጢት ብቻ አለ። ድምሩ 44 ነው። አሥራ ስድስቱ ከረጢት በሩን አላለፉም። ተቋራጩ ንጹሕ ነው፤ ጥያቄው ወደ ሻጩና ወደ ሹፌሩ ሄደ። የቀረችው አንድ ከረጢት በልኬት ስሕተት ውስጥ የምትጠፋ ናት፣ ማንም ሊጨቃጨቅባት አይገባም።

ያው ባዶ ከረጢት የከፋ ነገርም ሊገልጥ ይችላል። በእርግጥ የተሠራው ኮንክሪት፣ ደረጃውና የሶሌታው ትርፍ ተጨምሮ፣ 30.25 ሜትር ኩብ ነው። ባዶዎቹ 230 ባይሆኑና 180 ብቻ ቢሆኑ ኖሮስ? ያኔ በአንድ ሜትር ኩብ የገባው 298 ኪሎ ገደማ ነው ማለት ነው፣ ከ360ው እጅግ ያነሰ። ባለቤቱ ደረሰኙን አይቶ «ሲሚንቶ ቆጠቡልኝ» ብሎ ሊደሰት ይችላል። የተቆጠበው ግን ከኮለኑና ከሶሌታው ጥንካሬ ነው። ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ፍጆታ ከጉድለት ይበልጥ ሊያስፈራ ይገባል። በዚህ ጊዜ ሥራው ቆሞ በሙሊቱ ቀን የተወሰደው የኮንክሪት ናሙና ውጤት ይታይ፤ ናሙና ካልተወሰደ ሶሌታው ራሱ በባለሙያ ይፈተሽ።

ባዶ ከረጢትም ሊታለል ይችላል። ከሌላ ግቢ አምጥቶ መደመር ከባድ ስላልሆነ፣ ሲራገፍ እያንዳንዱ ከረጢት ላይ በቀለም የቤቱን ምልክት ማድረግ ይህን መንገድ ይዘጋል።

ፌሮ ከሲሚንቶ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ኮንክሪት ከፈሰሰበት በኋላ ማንም አያየውም። ስለዚህ ሒሳቡ የሚዘጋው ሙሊቱ ሳይጀመር ነው። የፌሮ ክብደት የሚታወቅ ነው። የዲያሜትሩን ሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይሰጣል። ባለ 10 ፌሮ በሜትር 0.617 ኪሎ ነው፣ 12 ሜትሩ አንድ ፌሮ 7.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ፌሮው ሲገባ አሥሩን መዝኑ፤ 74 ኪሎ አካባቢ መሆን አለበት። 63 ኪሎ ከሆነ ባለ 10 ተብሎ የመጣው በእርግጥ ወደ 9.2 ሚሊ ሜትር ነው። በፍሬ ለገዛ ሰው ቁጥሩ ልክ ይመጣል፣ ብረቱ ግን በየአንዳንዱ ከኪሎ በላይ ጎድሏል፤ ሶሌታውም መሐንዲሱ ያሰበውን ያህል ብረት አላገኘም።

ከዚያ ፌሮው ሲታሰር ከሙሊቱ በፊት በነበረው ቀን በሜትር የተዘረጋበት ፎቶ ይነሣ። በፌሮዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከሥዕሉ ጋር ይነጻጸር፣ የታሰሩትም ይቆጠሩ። ቁርጥራጩም ዕቃ ነው። 3.8 ሜትር የሚቆረጥ ፌሮ ከ12 ሜትሩ ሦስት ይወጣለታል፣ የሚጣለው 60 ሳንቲ ሜትር ነው። 5 ሜትር የሚቆረጥ ግን ሁለት ብቻ ይወጣዋል፣ 2 ሜትር ይተርፋል። ይህ ትርፍ ተመዝኖ ካልተመዘገበ ጉድለት ይመስላል፤ ካልተጠበቀ ደግሞ በእርግጥ ጉድለት ይሆናል።

አሸዋና ጠጠርን በዚህ ጥራት መቁጠር አይቻልም። የመኪናው ሣጥን ርዝመት፣ ወርድና ጭነቱ የደረሰበት ከፍታ ተለክቶ ይመዝገብ እንጂ «የሲኖ ትራክ ሙሉ» በሚል አይረከብ። እርጥብ አሸዋ ያብጣል፣ ሲደርቅ ያንሳል። ስለዚህ በአሸዋ የሚታይ ጥቂት ልዩነት ለክስ አይበቃም።

ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ መምራት ብዙ ወረቀት አይፈልግም። አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ፣ የሁለት ሰው ፊርማ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኝን የሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አይከብደውም። የሚገዛው፣ የሚረከበውና የሚጠቀመው አንድ ሰው አይሁን። ጭነት ሲራገፍ ቆጠራው አልቆ ክምሩ በፎቶ ይላክ። በየደረጃው መጨረሻ፣ ማለትም ከመሠረት፣ ከሶሌታና ከግንብ በኋላ፣ ከተቋራጩም ከቤተሰቡም ያልሆነ መሐንዲስ ለግማሽ ቀን መጥቶ የተሠራውን ይለካ። የሚቀጥለው ክፍያ የዚህ ልኬት ውጤት ከደረሰ በኋላ ብቻ ይለቀቅ፤ ይህም በውሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።

የሚቀጥለው «ሲሚንቶ አልቋል» የሚል ስልክ ሲመጣ ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ሦስት ቁጥር ይጠይቁ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ባዶ ከረጢት አለ፣ ስንት ሜትር ኩብ ተሞላ። ሦስቱን መመለስ የሚችል ግቢ የተጠበቀ ነው። የማይችል ከሆነ ሙሊቱ ለሁለት ቀን ይቆይ፤ የፈሰሰ ኮንክሪት ተመልሶ አይቆጠርም።