«ድንገት» የበዛበት ልብወለድ

የመጀመሪያ ልብወለዱን ጽፎ የጨረሰ ሰው ረቂቁን ለአርታኢ ሲሰጥ የሚጠብቀው የፊደል ግድፈት ለቀማ ነው። ከለቀማው በፊት ግን ሌላ ሥራ አለ። ታሪኩ ቅርጽ ከያዘ፣ የሚወጡት ምዕራፎችም ከወጡ በኋላ አርታኢው ከመጀመሪያው ገጽ ተነስቶ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ይህ ቀድሞ ቢሠራ ነገ ለሚጣል ምዕራፍ ዛሬ ቃል ማቃናት ይሆናል።

ለማሳያ የተዘጋጀች አንዲት አንቀጽ እንይ፦

«ሰናይት በድንጋጤ ቀስ ብላ በዝግታ በሩን ከፈተችው። ድንገት ልቧ በኃይል መታ። በሩ ላይ የቆመውን ሰው በጣም በጥሞና ትኩር ብላ ተመለከተችው። እሱም በዝምታ ምንም ሳይናገር ትኩር ብሎ ተመለከታት። ድንገት ዓይኖቿ በእንባ ተሞሉ።»

አርታኢው መጀመሪያ የሚያሰምረው የተደራረቡትን ተውሳከ ግሦች ነው። «ከፈተች» የሚለው አንድ ግሥ ሦስት ተሸክሟል። «ቀስ ብላ» እና «በዝግታ» አንድ ነገር ስለሆኑ አንዱ ይበቃል። «በድንጋጤ» ደግሞ ጥያቄ ያስነሳል፤ ሰናይት ሰውየውን ገና ሳታየው በምን ደነገጠች? ድንጋጤው ከማየቷ በኋላ መምጣት አለበት። «በጥሞና» ብዙውን ጊዜ ከማዳመጥ ጋር የሚሄድ ቃል ነው፤ «ትኩር ብላ» ካለ ደግሞ ትርፍ ነው። «በዝምታ» ካለ በኋላ «ምንም ሳይናገር» ማለትም ትርፍ ነው። ሲስተካከል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሰናይት ቀስ ብላ በሩን ከፈተች። ደጃፉ ላይ የቆመውን ሰው ስታይ ልቧ ደለቀ። ትኩር ብላ ተመለከተችው። እሱም ተመለከታት። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።»

31 ቃላት 20 ሆኑ። «ተመለከተ» ግን ሁለት ጊዜ እንዳለ ቀርቷል፤ ሁለቱ ሰዎች እኩል መተያየታቸውን የሚያሳየው ይኸው ድግግሞሽ ስለሆነ ነው። ድግግሞሽን ሁሉ የሚያጠፋ አርታኢ አንቀጹን ያበላሸዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ቃል አዲስ ነገር ከጨመረ ይቆያል፣ ያንኑ መልሶ ካለ ይወጣል።

በእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥን ብዙውን ጊዜ ከመድረሻው መለየት ይቻላል። አማርኛ እንደ «ቶሎ»፣ «ክፉኛ» እና «ገና» ያሉ ራሳቸውን የቻሉ ተውሳከ ግሦች ጥቂት ናቸው ያሉት፤ የቀረውን ሥራ «በ» ከስም ጋር እየተጣመረ፣ አለዚያም እንደ «ደንግጣ» እና «እየሮጠች» ያሉ የግሥ ቅርጾች ይሠሩታል። ስለዚህ አርታኢው ዓይኑን የሚጥለው «በፍጥነት»፣ «በንዴት»፣ «በሚያሳዝን ሁኔታ» በሚሉት ላይ ነው። ከግሡ በፊት ሁለት «በ» ከተከታተሉ ብዙውን ጊዜ ግሡ ራሱ ደካማ ነው። «በኃይል በንዴት ተናገረ» ከማለት «ጮኸ» ወይም «አምባረቀ» ማለት ይሻላል።

ለደራሲው ለማየት የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ የሚወደው ቃል። «ድንገት» በአንድ ገጽ ላይ አያስከፋም። በየሁለት ገጹ ከመጣ ግን አንባቢው መደንገጡን ይተዋል፣ የእውነት ድንገተኛው ነገር ሲመጣም ቃሉ ኃይል አይኖረውም። አርታኢው ሲያነብ የጠረጠራቸውን ቃላት በወረቀት ይይዝና ኋላ በኮምፒዩተር ይፈልጋቸዋል። እዚህ ላይ ፊደላችን ያስቸግራል። «ዓይን» ብሎ የፈለገ ሰው «አይን» እና «ዐይን» ተብለው የተጻፉት ሊያመልጡት ይችላሉ። «ፈገግታ» ብሎ የፈለገም «ፈገግ አለች» የሚለውን አያገኝም። ስለዚህ ልዩ ልዩ አጻጻፎቹን ለየብቻ፣ ቃሉንም ከማይለወጡት የመጀመሪያ ፊደላቱ መፈለግ ግድ ነው። የዓረፍተ ነገር መዝጊያዎች ግን በዝርዝር አይያዙም። አምስት ዓረፍተ ነገር በተከታታይ በ«ነበር» ሲያልቅ የሚታወቀው ጮክ ብሎ ሲነበብ ነው።

ጥሩ አርታኢ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን ራሱ አይተካም። ያሰምራል፣ ከጎን «ይህ ቃል ባለፈው ገጽም አለ፤ ሆን ብለው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን ለደራሲው ይተዋል። በተለይ ንግግር ውስጥ እጁን ይሰበስባል። «ወላሂ» ሳትል ዓረፍተ ነገር የማትጨርስ ገጸ ባሕርይ የምትታወቀው በዚያው ቃል ነው፤ እሱ ከተነቀለ ከሌሎቹ አትለይም። ከአርትዖት የተመለሰ ረቂቅ ውስጥ አሮጊቷም ተማሪውም ፖሊሱም በአንድ አፍ የሚናገሩ ከሆነ እርማቱ ከልክ አልፏልና ደራሲው የወጡትን ቃላት መልሶ የማስገባት መብት አለው።