መካ የሄድን ጊዜ እጄ ዳነ

ጅዳ ስሠራ ወራት ሙሉ እጄ ይላጥ፣ በጣቶቼ መሃል ይቀላና ያሳክከኝ ነበር። እኔ በረኪናውን ነበር የምጠረጥረው። በረመዳን መጨረሻ ቤተሰቡ ለዑምራ መካ ሲሄድ አብሬ ሄድኩ። ኢህራም የለበሰ ሰው ሽቶ ያለው ነገር አይነካም፤ ስለዚህ ማዳም ለእጅም ለልብስም ሽታ የሌለው ሳሙና ብቻ ገዛች። በአሥር ቀን ውስጥ እጄ ደረቀ፣ ማሳከኩም ቀነሰ። ጅዳ ተመልሰን ወለሉን በሽቶ ፈሳሽ መወልወል ስጀምር ግን በሦስተኛው ቀን እንደገና ቀላ።

ምክንያቱን ቶሎ ያላወቅኩት ለዚህ ነው። የሽቶ አለርጂ ወዲያው አይታይም፤ ከነካሽው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይወጣል። ዛሬ የሚያሳክክሽ የትናንትናው ወይም የትናንት ወዲያው ሊሆን ይችላል። በረኪና ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ ነው የሚያቃጥለው።

ብዙ ጊዜ ቆዳ የሚያስቆጡት የሽቶ ንጥረ ነገሮች ሊናሎል፣ ሊሞኔን፣ ጄራኒኦል፣ ዩጀኖል (የቅርንፉድ ሽታ) እና ሲናማል (የቀረፋ ሽታ) ናቸው። ሊናሎልና ሊሞኔን አየር ሲያገኛቸው ይብሳሉ፤ ስለዚህ ክዳኑን ግጠሚ፣ ለረጅም ጊዜ ክፍት የቆየ ጠርሙስ አትጠቀሚ። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለው ደግሞ ሽቶ ሳይሆን ፈሳሹ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነው፤ እሱም እንዲሁ ያደርጋል። የጠርሙሱን ጀርባ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለሐኪም አሳዪ።

ራስ ምታቱ ሌላ ነገር ነው። ቡኹር ሲጨስ የሚያመው ጭሱ ስለሚያስቆጣ ነው እንጂ የቆዳ አለርጂ አይደለም። መብኸራውን ስትይዢ መስኮት ክፈቺ፣ ሲጨስ ከክፍሉ ውጪ። ከሰሉ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ግን ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ይለቃል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡ፣ በተለይ ሌላም ሰው ካመመው፣ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጪ ውጡና 911 ደውሉ።

አንቺም እንደኔ መሞከር ትችያለሽ። ለሁለት ሳምንት ሽታ የሌለው ብቻ ተጠቀሚ፤ የኢህራም ሳሙና ጅዳም መካም ፋርማሲ አለ። ካሻለሽ አንድ ነገር ብቻ መልሰሽ ጀምሪና ሦስት ቀን ጠብቂ። ስትሠሪ ከጓንቱ ሥር ስስ የጥጥ ጓንት አድርጊ፣ ውስጡ ከረጠበ ቀይሪው።

ለማዳም እንዲህ በያት፦ «ዒንዲ ሐሳሲያ ሚነል ዒጥር» (ሽቶ አለርጂ አለብኝ)። እኔ እንዲህ ስላት የወለሉን ፈሳሽ ቀየረችልኝ፤ ከአዲሱ ዋጋው ያነሰ ነበር። ፊትሽ ወይም ዓይንሽ ካበጠ፣ እጅሽ ውኃ ከቋጠረ ወይም መተንፈስ ካስቸገረሽ ግን ሙከራውን ተይና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። መተንፈስ ካቃተሽ 911፣ ምክር ከፈለግሽ የጤና ሚኒስቴሩ 937 ነው።