05/06/2009 መቼ ነው?

አዲስ አበባ ያለች እህት ሜሪላንድ ለሚኖረው ወንድሟ በቴሌግራም እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦ «ወንድምዬ፣ የልጁን ፎርም ሙላልኝ፤ ልደቱ 05/06/2009 ነው።» እሷ የካቲት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለቷ ነው። ወንድሟ ግን አሜሪካ ሲኖር ወርን አስቀድሞ ማንበብ ለምዷልና ሜይ 6 ብሎ ያነበዋል። ጀርመን ያለ ዘመድ ቢያየው ጁን 5 ይለዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አውቆ ወሩን ያስቀደመ ደግሞ ጥር 6 ላይ ያርፋል። በአንድ መስመር አራት የተለያዩ ልደቶች አሉ።

የዓመቱ ስህተት ትልቅ ስለሆነ ቶሎ ይታያል። የእህቱን ልጅ ዕድሜ የሚያውቅ አጎት በስምንት ዓመት አይሳሳትም። እኔን የሚያሰጋኝ ግማሽ መንገድ የሄደ ልወጣ ነው። አጎት 2009 ላይ 8 ጨምሮ 2017 ያደርገዋል፤ 05/06ን ግን እንዳለ ይተወዋል። ፎርሙ ላይ 05/06/2017 ይሰፍራል፤ አሜሪካዊው ሠራተኛም ሜይ 6 ቀን 2017 ብሎ ይመዘግበዋል። ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም፤ ዕድሜውም ይመስላል። ስህተቱ የሚወጣው ፓስፖርቱ ሲቀርብ ነው፤ እዚያ ወሩ በፊደል ስለሚጻፍ ሌላ ቀን ሆኖ ይገኛል።

ትክክለኛውን ለማግኘት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። በተለመደው ዓመት የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8 ላይ ይውላል፤ ስለዚህ የካቲት 5 ፌብሩዋሪ 12 ነው። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ ዓመቱ ላይ 7 ይጨመራል፣ ከጃንዋሪ 1 ወዲህ 8። የልጁ ልደት እንግዲህ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ያለው ልወጣ በአንድ ቀን ወደፊት ይገፋል።

ብዙ ሰው «ከ12 የበለጠ ቁጥር ካለ ቀኑ እሱ ነው» ብሎ ይለያል። ለፈረንጆቹ ይሠራል። ቀኑም ወሩም ከ12 የማይበልጡባቸውና እርስ በርስ የማይመሳሰሉት፣ ማለትም ሊምታቱ የሚችሉት፣ ከዓመቱ ቀናት 132ቱ ብቻ ናቸው። እኛ ግን 13ኛ ወር አለን። 03/13/2009 ለአሜሪካዊ ማርች 13 ነው፤ ለአዲስ አበባዋ እህት ጳጉሜን 3። ጳጉሜን 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2017 ነው። ዓመትን አስቀድሞ 2017-02-12 ብሎ መጻፍ፣ ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 8601 የሚለው ይህንኑ ነው፣ የቀንና የወርን ቅደም ተከተል ይፈታል። የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን ላልነገሩት አይታወቅም።

በገንዘብም ጣጣው ይኸው ነው፤ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ልጆቻችን በደንብ ያውቁታል። «1,000 ሪያል ላክልኝ» የሚል መልእክት ሪያድ ላለ ሰው 267 ዶላር ገደማ ነው፤ የሳዑዲ ሪያል በ3.75 ለአንድ ዶላር ተተክሏልና። የኳታሩ ከእሱ ብዙም አይርቅም፣ 3.64 ነው። የኦማኑ ግን አንዱ ብቻውን 2.60 ዶላር ያህል ያወጣል፤ ያው 1,000 ሪያል ከ2,600 ዶላር በልጦ ያርፋል። ሪያድ ያለ ወንድምና ሙስካት ያለች እህት የእናታቸውን የሕክምና ወጪ ለሁለት ቢካፈሉና ቁጥሩን ብቻ ቢጻጻፉ፣ አንደኛው የሌላውን አሥር እጥፍ ሊከፍል ነው።

ክብደት ላይ ሲደርስ ጉዳዩ የጤና ይሆናል። ለልጅ የሚሰጥ ፓራሲታሞል የሚለካው በክብደት ነው፤ በኪሎ 15 ሚሊግራም ብንወስድ፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ 300 ሚሊግራም ይሆናል። አሜሪካ ያለች እናት ግን ልጇን የምትመዝነው በፓውንድ ነው፤ 20 ፓውንድ 9 ኪሎ ብቻ ነው፤ መጠኑም 135 ሚሊግራም። «ልጁ 20 ነው፣ ስንት ልስጠው?» ብላ አገር ቤት ላለች ነርስ ዘመዷ የጻፈች እናት ከእጥፍ በላይ የሆነ መልስ ልታገኝ ትችላለች።

እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሰው ገምቶ አይሙላ። አጠያየቁም ለውጥ ያመጣል። «05/06 ልክ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ እህትየው የጻፈችው ቁጥር ስለሆነ «አዎ» ትላለች፣ ሁለቱም የልባቸውን ይዘው ይቀራሉ። ወሩን በስም ጠርቶ ማስመረጥ ነው፦ «የካቲት 5 ነው ወይስ ጥር 6? በኛ አቆጣጠር 2009 ነው አይደል?» መልሱ ሲመጣ ፎርሙ ላይ «ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017» ብሎ በፊደል ይጻፈው፤ ፎርሙ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ከሳጥኑ አጠገብ የትኛው ለወር የትኛው ለቀን እንደሆነ የተጻፈውን አይቶ ይሙላ። ከመላኩ በፊት ፎቶውን ለእህቱ ልኮ ከልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር እንድታስተያየው ቢያደርግ፣ ስህተት ካለ ሳይላክ ይገኛል።