ኢኖሌቱ በየትኛው ጎን ይፈጠራል? ካይኔቲክ፣ ቴርሞዳይናሚክ እና የመመለሻው መንገድ



ባለፈው ሴሚስተር በጥናት ቡድናችን አንድ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጥያቄ ረጅም ሰዓት አከራከረን። ጥያቄው 2-ሜቲልሳይክሎሄክሳኖን ላይ ኤልዲኤ (ሊቲየም ዳይአይሶፕሮፒላማይድ) በ-78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀስ እየተደረገ ሲጨመር የትኛው ኢኖሌት ይፈጠራል የሚል ነበር። ሁላችንም ገና «ኤልዲኤ» እና «-78» የሚሉትን እንዳየን «ካይኔቲክ» ብለን ጻፍን። ጥያቄው ግን ሁለት ነገር አክሎ ነበር፤ የኤልዲኤው መጠን ከኬቶኑ ያነሰ ነው፣ ድብልቁም በኋላ እስከ ክፍል ሙቀት ድረስ እንዲሞቅ ይደረጋል። ትክክለኛው መልስ «በብዛት ቴርሞዳይናሚክ» ነበር። በቃል የያዝነው ነገር ለምን እንደከዳን እዚህ እናስረዳ።

መጀመሪያ ሞለኪዩሉን እንመልከተው። ስድስት ካርቦን ያለው ቀለበት ነው። አንደኛው ካርቦን ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ ተያይዟል። ከዚህ ካርቦን ግራና ቀኝ ሁለት ጎረቤቶች አሉ። ካርቦን 2 ሜቲል ተሸክሞ አንድ ሃይድሮጅን ብቻ አለው፤ ካርቦን 6 ደግሞ ሜቲል የለበትም፣ ሁለት ሃይድሮጅን አለው። ቤዝ ከሁለቱ ከአንዱ ፕሮቶን ሲነጥቅ የቀረው ኤሌክትሮን ወደ ኦክስጅኑ ይሰራጭና ኢኖሌት ይሆናል። ከካርቦን 6 ከተነጠቀ ድርብ ቦንዱ ሜቲል በሌለበት በኩል ይሆናል። ከካርቦን 2 ከተነጠቀ ሜቲሉ ራሱ በድርብ ቦንዱ ላይ ይቀመጣል።

ሜቲል የተቀመጠበት ድርብ ቦንድ የበለጠ የተረጋጋ ነው፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ጉልበት ያለው የካርቦን 2 ኢኖሌት ነው። ፈጥኖ የሚፈጠረው ግን የካርቦን 6 ነው፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ቤዙን የሚያግደው ሜቲል የለም፣ የሚነጠቀውም ፕሮቶን ሁለት ነው። የቀደመው ቴርሞዳይናሚክ፣ የኋለኛው ካይኔቲክ ይባላል።

እንግዲህ ሁሉም ነገር የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ አንዴ የተፈጠረ ኢኖሌት ፕሮቶኑን መልሶ ማግኘት ይችላል ወይ? ካልቻለ ፈጣኑ ያሸንፋል። ከቻለ ግን ኢኖሌቱ እየተመለሰ እንደገና ይፈጠራል፣ ቀስ በቀስም ሚዛኑ ወደ ተረጋጋው ያደላል። ቤዙ፣ መጠነ ሙቀቱና አሟሚው የሚሠሩት ይህን መመለሻ መክፈት ወይም መዝጋት ነው።

ከቤዙ እንጀምር። ፕሮቶን ከወሰደ በኋላ ኤልዲኤ ዳይአይሶፕሮፒላሚን ይሆናል። የዚህ አሚን ፒኬኤ ወደ 36፣ የኬቶኑ ደግሞ ወደ 26 ነው። የ10 ልዩነት ማለት ሚዛኑ ወደ ኢኖሌቱ በአሥር ቢሊዮን እጥፍ ያጋደለ ነው ማለት ነው። አሚኑ ፕሮቶኑን አይመልስም። በተጨማሪ በኤልዲኤ ናይትሮጅን ላይ ያሉት ሁለት አይሶፕሮፒል ቡድኖች ግዙፍ ስለሆኑ ቤዙ የተጨናነቀውን የሜቲል ጎን ትቶ ክፍት የሆነውን ካርቦን 6 ይመርጣል። በአንጻሩ ፖታሲየም ተርት-ቡቶክሳይድን ብንወስድ፣ አልኮሉና ኬቶኑ በአሲድነት ስለሚቀራረቡ በማንኛውም ቅጽበት ኢኖሌት የሚሆነው የኬቶኑ ጥቂት ክፍል ነው። ፕሮቶን እየወጣና እየገባ ይቆያል።

አሟሚውም በዚሁ ይታያል። ቲኤችኤፍ (ቴትራሃይድሮፊዩራን) የሚሰጠው ፕሮቶን የለውም። አልኮል ግን ለኢኖሌቱ ፕሮቶን ስለሚሰጥ መመለሻውን ራሱ ይከፍታል።

መጠነ ሙቀቱን ብዙዎቻችን የምንረዳው በግማሽ ነው። በ-78 ዲግሪ፣ ማለትም በድራይ አይስና አሴቶን መታጠቢያ፣ 99 ለ1 የሆነ ውጤት ከሁለቱ መንገዶች መካከል 7.4 ኪሎጁል በሞል ገደማ የሆነ የአክቲቬሽን ጉልበት ልዩነት መኖሩን ያሳያል። ይኸው ልዩነት ሳይቀየር በ25 ዲግሪ ብናሰላው 95 ለ5 ገደማ ይሰጠናል። ስለዚህ ቅዝቃዜው ምርጫውን ያጠራዋል እንጂ እሱ ብቻውን አይፈጥረውም። ትልቁ ጥቅሙ በኢኖሌትና በቀረ ኬቶን መካከል ያለውን የፕሮቶን ልውውጥ ማዘግየቱ ነው።

የጥያቄያችን ወጥመድም እዚህ ላይ ነበር። ኤልዲኤው ካነሰ ያልተነካ ኬቶን ይቀራል። ያ ኬቶን ለካይኔቲኩ ኢኖሌት ፕሮቶን ሰጥቶ ራሱ የካርቦን 2 ኢኖሌት ሊሆን ይችላል። አሟሚው ባይሰጥም፣ አሚኑ ባይሰጥም፣ ኬቶኑ ይሰጣል። ድብልቁ ሲሞቅ ልውውጡ ይፋጠናል፣ ሚዛኑም ይደርሳል።

በዚህ ምክንያት ካይኔቲኩን የሚፈልግ ሰው ኬቶኑን ወደ ኤልዲኤው ይጨምራል እንጂ ኤልዲኤውን ወደ ኬቶኑ አይጨምርም። በቁጥር እንየው። 1.12 ግራም ኬቶን 10 ሚሊሞል ነው። 10.5 ሚሊሞል ኤልዲኤ በደረቅ ቲኤችኤፍ ውስጥ በ-78 ዲግሪ እናዘጋጅና ኬቶኑን በጠብታ እንጨምራለን። እያንዳንዱ ጠብታ ሲገባ የሚያገኘው የተትረፈረፈ ቤዝ ነው፤ ነጻ ኬቶን የሚቆይበት ጊዜ የለም። አሁን ቲኤችኤፉ አንድ ጠብታ ውሃ፣ 50 ሚሊግራም ያህል፣ ነበረበት እንበል። ይህ 2.8 ሚሊሞል ነው፤ ያን ያህል ኤልዲኤ ያጠፋል። የቀረው ቤዝ 7.7 ሚሊሞል ሲሆን 2.3 ሚሊሞል ኬቶን ነጻ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ጠብታ ውሃ የመመለሻው መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

ቴርሞዳይናሚኩን የሚፈልግስ? ኸርበርት ሃውስና ባልደረቦቹ በ1969 ያሳተሙት የታወቀ መንገድ አለ። ኬቶኑ ከትራይኢታይላሚንና ከክሎሮትራይሜቲልሲሌን ጋር በዲኤምኤፍ ውስጥ ይሞቃል። ትራይኢታይላሚን ደካማ ቤዝ በመሆኑ በአንድ ጊዜ የሚፈጥረው ኢኖሌት እጅግ ጥቂት ነው፤ ሲሊኮኑ ኦክስጅኑን እየያዘ ሲሊል ኢኖል ኢተር ያደርገዋል። ውጤቱ 78 ለ22 ለተረጋጋው ያደላ ነው። በኤልዲኤ መንገድ ግን የካይኔቲኩ 99 ለ1 ነው። ይህ ወሰኑን ያሳየናል። ሚዛን የሚሰጠው በጉልበቱ ልዩነት ልክ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ምንም ያህል ብንጠብቅ ንጹሕ ውጤት አናገኝም።

የተሳካልን መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ኢኖሌቱን በክሎሮትራይሜቲልሲሌን ይዘን የፕሮቶን ኤንኤምአር እናነሳለን። የካርቦን 6 ውጤት በድርብ ቦንዱ ላይ አንድ ሃይድሮጅን ስላለው 4.8 ፒፒኤም አካባቢ ምልክት ይሰጣል። የካርቦን 2 ውጤት በዚያ ቦታ ሃይድሮጅን ስለሌለው ምንም አይታይም። በሲሊኮን ላይ ያሉት የሁለቱም ዘጠኝ ሃይድሮጅኖች ድምር 9.00 ተብሎ ሲቀመጥ በ4.8 ያለው ምልክት 0.99 ከሆነ 99 በመቶው ካይኔቲክ ነው። 0.22 ከሆነ ደግሞ 78 በመቶው ቴርሞዳይናሚክ ነው።

በሚቀጥለው ፈተና «ኤልዲኤ» የሚለውን ስናይ ብዕራችንን ከማንሳታችን በፊት ሦስት ነገር እንፈልግ፤ የትኛው ወደ የትኛው ተጨመረ? ማን ተረፈ? ሞቀ ወይስ ቀዝቅዞ ቆየ? የእኛ ቡድን ያጣው ነጥብ ያለው እነዚህ ላይ ነበር።