ከገና እስከ ጥምቀት ፈቃድ ላይ ነኝ

እ.ኤ.አ. በ2008 በዌልስ የሚገኘው የስዋንሲ ከተማ ምክር ቤት ከባድ ተሽከርካሪዎች ወደ አንድ መኖሪያ አካባቢ እንዳይገቡ የሚከለክል የመንገድ ምልክት ማሠራት ፈለገ። እዚያ የመንገድ ምልክት በእንግሊዝኛና በዌልስኛ ስለሚጻፍ፣ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ለተርጓሚ በኢሜይል ተላከ። መልሱ በዌልስኛ መጣ። ዌልስኛ የሚያነብ ሰው ስላልነበረ የመጣው ጽሑፍ እንዳለ በትልልቅ ፊደል ታትሞ መንገድ ዳር ተተከለ። ቋንቋውን የሚያውቁ መንገደኞች ግን ያነበቡት ሌላ ነገር ነበር፦ «በአሁኑ ሰዓት ቢሮ የለሁም፤ የሚተረጎም ሥራ ካለ ይላኩ»።

ምልክቱ ተነቅሎ ነገሩ የዓለም መሳቂያ ሆነ። ያንን መልስ የላከው ተርጓሚው ሳይሆን የኢሜይል ሥርዓቱ ነው። ባለቤቱ ፈቃድ ሲወጣ «አለመኖሬን ለሚጽፍልኝ ሁሉ ንገርልኝ» ብሎ የሚተወው አውቶማቲክ መልስ ነበር። ሰሌዳው ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ተርጓሚው መቼ እንደሚመለስ አይናገርም፤ ሥራው የሚቸኩል ከሆነ ለማን እንደሚላክም አይጠቁምም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተቀባዩ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነበር።

አዲስ አበባ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ የግዥ ሠራተኛን እናስብ። በ2018 ዓ.ም. ከገና እስከ ጥምቀት የዓመት ፈቃዷን ልትወስድ ነው። የሚጽፉላት ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ የድርጅቱ ባልደረቦች፣ ትራንዚተሮችና የባንክ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ዱባይና ቻይና ያሉ አቅራቢዎች። እሷ በሌለችበት ሁሉም የሚያገኙት መልስ አንድ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው የመመለሻውን ቀን ነው። ሠራተኛዋ ጥምቀት በዋለ ማግስት፣ ማክሰኞ ጥር 12 ሥራ ትገባለች። ይህንን «12/5/2018» ብላ ብትጽፍ የቢሮ ባልደረቦቿ ወዲያው ይገባቸዋል፤ ጥር አምስተኛው ወር ነውና። ዱባይ ያለው አቅራቢ ግን ሜይ 12 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል፤ ለእሱ ይህ ሰባት ዓመት ያለፈው ቀን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ትታ «12/5» ብቻ ብትል ደግሞ ይባስ ብሎ አራት ወር ያህል እንድትጠበቅ ታደርጋለች። መፍትሔው የወሩን ስም በፊደል መጻፍና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፦ ጥር 12 ቀን 2018፣ በፈረንጆች ጃንዋሪ 20 ቀን 2026።

«እስከ ጥር 12 ፈቃድ ላይ ነኝ» ማለትም ያከራክራል። አንዱ ጥር 12ን ከፈቃዱ ይቆጥረዋል፣ ሌላው ከሥራው ቀን። «ማክሰኞ ጥር 12 ሥራ እገባለሁ» ሲባል ግን የሚያከራክር ነገር የለም። የቢሮ ሰዓት ከተጠቀሰም እንደዚያው ነው። «እስከ 11 ሰዓት ይደውሉ» የሚለው ለአዲስ አበባ ሰው ማምሻውን ሲሆን፣ ለውጭ አገር ሰው ግን ከምሳ በፊት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ተተኪው ነው። ስሙ የሚጠቀሰው ባልደረባ አስቀድሞ ተጠይቆ እሺ ማለት አለበት፤ ፋይሎቹን መክፈት፣ ባንክ ሄዶ መፈረም ወይም ማስፈረም መቻል አለበት። በበዓል ሰሞን የሚያጋጥመው ችግር ሁለት ባልደረቦች እርስ በርስ መጠቋቆማቸው ነው። አንዷ «እሱን አነጋግሩ» ትላለች፤ እሱም ፈቃድ ወጥቶ «እሷን አነጋግሩ» ይላል፤ ጉዳዩ ያለው ሰው መሐል ቤት ይቀራል። ስለዚህ ከአንድ ሰው ስም ይልቅ ሁለት ሦስት ሰዎች የሚከፍቱት የክፍሉ የጋራ ኢሜይልና የቢሮው ስልክ ይሻላል።

ከውጭ ለሚጽፍ ሰው የሚሰጠው መረጃ ግን ቁጥብ መሆን አለበት። ክፍያ የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ አለመኖሩን፣ መቼ እንደሚመለስና ማን እንደተካው በአንድ ኢሜይል ያወቀ አጭበርባሪ፣ ለተተኪው «ከእሷ ጋር ተስማምተን ነበር፤ ክፍያው በአዲሱ የባንክ ሒሳብ ይግባ» ብሎ ይጽፋል። ተተኪውም እሷን መጠየቅ ስለማይችል ሊሸወድ ይችላል። አውትሉክ በመሥሪያ ቤት ሲሠራበት ለውስጥና ለውጭ ሰዎች የተለያየ መልስ የሚጻፍባቸው ሁለት ሳጥኖች ያሉት ለዚህም ይጠቅማል። የባልደረባው ሙሉ ስምና የግል ስልክ የውስጡ ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

«አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ማንንም አይለይም፤ ለጻፈው ሰው የራሱ ጉዳይ ሁሌም አስቸኳይ ነው። መለኪያው አንድ ነው፦ እስከ መመለሻው ቀን ቢቆይ ገንዘብ ወይም ዕቃ የሚያሳጣው የትኛው ነው? ለግዥ ሠራተኛዋ ሁለት ጉዳዮች ይገኛሉ። ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰ ኮንቴይነር በቆየ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል፤ ኤል ሲም የአገልግሎት ጊዜው ካለፈ ክፍያው ይስተጓጎላል። አዲስ ፕሮፎርማና የዋጋ ጥያቄ ግን ይጠብቃሉ። እንዲህ ተለይተው ሲታወቁ መልሱ ይህንን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ፤ ማክሰኞ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆች ጃንዋሪ 20 ቀን 2026) ሥራ እገባለሁ። እስከዚያ ኢሜይል አልከፍትም። ጉዳይዎ ሞጆ የደረሰ ዕቃን ወይም ከጥር 12 በፊት ጊዜው የሚያልቅ ኤል ሲን የሚመለከት ከሆነ፣ እባክዎ ይህንኑ ደብዳቤ ወደ ግዥ ክፍል የጋራ ኢሜይል ይላኩ ወይም በቢሮው ስልክ ይደውሉ። ፕሮፎርማና የዋጋ ጥያቄ ስመለስ በተራው እመልሳለሁ።»

ከሥሩ ይኸው በእንግሊዝኛ ይደገማል።

በጂሜይል ይህ የሚሞላው ከሴቲንግ ገጽ ታችኛው ክፍል፣ Vacation responder በሚለው ሥር ነው። First day የመጀመሪያው የፈቃድ ቀን ነው፤ Last day ደግሞ የመጨረሻው የፈቃድ ቀን እንጂ የመመለሻው ቀን አይደለም። ሠራተኛዋ እዚያ ላይ ጃንዋሪ 20 ብትሞላ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እየሠራች ኢሜይሉ እስከ እኩለ ሌሊት «የለችም» ማለቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የምትሞላው 19 ነው። የኮንታክት ዝርዝሯ ውስጥ ላሉት ብቻ እንዲመልስ የሚያደርገውን ሳጥን ካመለከተች ደግሞ አዲስ ደንበኛ ምንም መልስ አያገኝም።

ጂሜይል ለአንድ ሰው በየኢሜይሉ አይመልስም፤ አንዴ ከመለሰ ሰውየው ሁለተኛ መልስ የሚያገኘው ከአራት ቀን በኋላ እንደገና ከጻፈ ነው። እንዲህ ባይሆን ሁለት ፈቃድ ላይ ያሉ ሰዎች ኢሜይሎች ማቆሚያ በሌለው ምልልስ ሳጥናቸውን ይሞሉት ነበር። ውጤቱ ግን ልብ ይባል፤ ሰኞ ስለ ፕሮፎርማ ጽፎ መልስ ያገኘ ትራንዚተር፣ ረቡዕ ስለ ኮንቴይነሩ ሲጽፍ ዝምታ ነው የሚያገኘው። የሰኞው መልስ የኮንቴይነሩን መንገድ ካልነገረው ረቡዕ የሚነግረው የለም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከፈቃዱ በፊት ባለው ዓርብ First day የሚለውን ለጊዜው የዕለቱ ቀን አድርጎ፣ ከሌላ ኢሜይል ለራስ መጻፍ። የደረሰውን መልስ ሥራውን ለማያውቅ ሰው አስነብቦ «አሁን ለማን ትደውላለህ? እስከ መቼስ ትጠብቃለህ?» ብሎ መጠየቅ። ከዚያም መልሱ ላይ ባለው የቢሮ ስልክ ደውሎ ማን እንደሚያነሳው መስማትና ቀኑን ወደ ትክክለኛው መመለስ።