ሸማው «ሰማ» ሲሆን

አንድ የሸማኔዎች ማኅበር በኤግዚቢሽን ላይ የሚታደል ብሮሸር እንድሠራለት ጠየቀኝ። ለሦስት የሚታጠፍ አንድ ኤ4 ወረቀት ነው። ሊቀመንበሩ «እንደ ድሮው የብራና ጽሕፈት አድርግልን» አሉኝ፤ እኔም ሐሳቡን ወደድኩትና ከሽፋኑ እስከ ዋጋ ዝርዝሩ ድረስ በአንድ ወፍራም፣ የብራና መልክ ባለው ፎንት ሠራሁት። ኮምፒውተሩ ላይ አጉልቼ ሳየው ያምር ነበር። ናሙናው ታትሞ ሲመጣ ከማኅበሩ አባላት አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ ሸማኔ፣ ወረቀቱን ይዘው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ጥቂት አነበቡና ቆሙ። «ልጄ፣ ይሄ ሸማ ነው ወይስ ሰማ?»

አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር አየሁት። ሸ ማለት አናቱ ላይ አንዲት መስመር የተጋደመችበት ሰ ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው ከመስመሯ በታች ያለች ትንሽ ነጭ ክፍተት ናት። ፊደሉ በ9 ፖይንት ሲታተም ቁመቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። የፎንቱ መስመሮች ወፋፍራም ስለሆኑ ክፍተቷ ከመጀመሪያውም ጠባብ ነበረች፤ ወረቀቱ ደግሞ ሽፋን የሌለው ቀለም የሚመጥ ዓይነት ስለነበር ቀለሙ ትንሽ ተስፋፋና ጨርሶ ደፈናት። ቡ እና ቢም ተመሳስለው ነበር። የካዕቧ ቅጥያ ከወገብ፣ የሣልሷ ከእግር ሥር ትወጣለች፤ መስመሩ ሲወፍርና ፊደሉ ሲያንስ ግን ሁለቱ ይቀራረቡና ዓይን መገመት ይጀምራል።

ያ ፎንት መጥፎ ፎንት አልነበረም። በ40 ፖይንት ሽፋኑ ላይ «ሸማ» የሚለው ቃል ግርማ ነበረው፤ ከሦስት ሜትር ርቀት ሰው ይጠራል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሩቅ ያለን ሰው ለመጥራት የተሠራን ፊደል ቅርብ ያለን ሰው እንዲያስነብብ አስገደድኩት። የርዕስ ፎንት ጠባዩን የሚያሳየው በውፍረቱ፣ በጫፎቹ ቅርጽና በጌጡ ነው። የዋናው ጽሑፍ ፎንት ግን አንባቢው ፊደሉን ሳያስተውል ቃሉን እንዲያገኝ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ብሮሸሩ ሁለት ፎንት ያስፈልገው ነበር።

በአማርኛ ይህ ጥንድ ከላቲን ጽሑፍ የበለጠ ሸክም አለበት። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ርዕሱን በትልልቆቹ ፊደላት፣ ትኩረት የሚሻውን ቃል በሰያፍ መለየት ይችላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ አይከፈልም፤ ሰያፍ ጽሕፈትም በትውፊቱ የለም። ኮምፒውተሩ ኢታሊክ ሲባል የሚሰጠን ቀጥ ብሎ የተሠራውን ፊደል በግድ አጋድሞ ነው። የሚቀሩን መጠን፣ ውፍረት፣ የፎንት ዓይነትና ቀለም ናቸው። የብራና ጸሐፊዎቹ ቀለምን መርጠው ነበር፤ የቅዱሳንን ስምና የምዕራፍ መነሻን በቀይ ይጽፋሉ። ለሸማኔዎቹም ርዕሶቹን በጥቁር ቀይ አደረግኋቸው። ለዋናው ጽሑፍ ግን ጥቁር ብቻ። ቀዩ በማተሚያ ቤት የሚገኘው ከአንድ በላይ ቀለም ተደራርቦ ነው፤ ድርቡ በፀጉር ያህል ከተዛነፈ ትልቁ ርዕስ ይችለዋል፣ ትንሹ ፊደል ግን ጠርዙ ይደበዝዛል።

የርዕሱን ፎንት ለሽፋኑና ለውስጥ ርዕሶች አስቀረሁትና ጓደኛ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ የሞከርኩት አቢሲኒካን ነው። ከእጅ ጽሕፈት የተቀዳ፣ መልኩ የሚያምር፣ በነፃ የሚገኝ ፎንት ነው። ነገር ግን ሁለት ችግር ገጠመኝ። አንደኛ፣ ከርዕሱ ጋር ወንድማማች መሰሉ። ልዩነታቸው ሆን ተብሎ የተደረገ እስኪመስል ድረስ አልሰፋም፤ ከላይ የብራና መልክ፣ ከታችም ቀጠን ያለ የብራና መልክ ሲሆን አንባቢው በስህተት ፎንት የተለወጠ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ አቢሲኒካ የሚመጣው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። የጨርቁን ስም ለማጉላት ቦልድ የሚለውን ብትጫኑ ሌላ ፊደል የለውምና ፕሮግራሙ ያንኑ ፊደል በዙሪያው ቀለም ጨምሮ ያወፍረዋል። የሼ እግር ላይ ያለችው ቀለበት ትሞላለች፤ የሸ መስመርም እንደገና ከራሱ ጋር ትጣበቃለች። ከአንድ ጉድጓድ ወጥቼ ወደዚያው ልመለስ ነበር።

የመረጥኩት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው። መስመሩ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ ተቀራራቢ ነው፣ ጌጥ የለበትም፣ ክፍተቶቹም ሰፋ ያሉ ናቸው። ከወፍራሙ ርዕስ ጎን ሲቆም የማን ሥራ ምን እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ከቀጭኑ እስከ ደማቁ በየደረጃው ለብቻ የተሳሉ ውፍረቶች ስላሉት «ነጠላ»፣ «ጋቢ»፣ «ኩታ» የሚሉትን ስሞች መካከለኛ በሆነው ደማቅ አደረግኋቸው። እጅግ ደማቁን አልነካሁትም፤ በትንሽ መጠን እሱም ይደፈናል። ለመጽሐፍ ቢሆን ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚያፈራርቀውን ኖቶ ሰሪፍን እመርጥ ነበር፤ ለረጅም ንባብ ዓይን የለመደው እሱን ነውና። ሦስት መቶ ቃል ለማይሞላ ብሮሸር ግን ሳንሱ በቂ ነው።

መጠኑን በቁጥር ብቻ አልወሰንኩም። 10 ፖይንት የሚባለው ፊደሉ የሚቀመጥበት ሳጥን እንጂ የፊደሉ ቁመት አይደለም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣውን ኒያላን በ10 ጽፋችሁ ከኖቶ ጎን ብታትሙት አንሶ ታገኙታላችሁ። እኔ ለ የምትለዋን ፊደል አትሜ በማስመሪያ እለካለሁ። ለሸማኔዎቹ ኖቶን በ10.5 ፖይንት፣ ከመስመር እስከ መስመር 16 ፖይንት አድርጌ አስቀመጥኩት። ለ ሽቅብ ትወጣለች፣ ሌሎች ፊደላት ቁልቁል ይወርዳሉ፤ መስመሮቹ ከተጠጋጉ የላዩ እግር የታቹን ራስ ይነካል።

ከዚያ የቀረው ስፋቱ ነው። የ297 ሚሊ ሜትሩ ወረቀት ሲታጠፍ ሁለቱ ገጾች 100፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ሦስተኛው 97 ይሆናል፤ ካላነሰ ሲታጠፍ ይጨማደዳል። ከኅዳጉ ውጪ ለጽሑፍ የተረፈኝ 80 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። በዚህ ስፋት ኖቶ በአንድ መስመር ስድስት ሰባት ቃል ይይዛል። የመጀመሪያው ወፍራም ፎንት አራት ያህል ብቻ ይዞ፣ ግራና ቀኙን እኩል ላድርግ ስል በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ቀዳዳ ይተው ነበር። ጥንት ሁለት ነጥብ ቃላትን ስለሚለይ ጸሐፊው ቃሉን የትም ሰብሮ ወደ ታች ያወርድ ነበር፤ ዛሬ በባዶ ቦታ ስንለይ ያን ነፃነት አጥተናል። ስለዚህ ጽሑፉን በግራ ብቻ አሰለፍኩት፣ ቀኙን እንደመጣ ተውኩት።

ሁለተኛውን ናሙና ሳሳትም ከብሮሸሩ ጋር አንድ ተጨማሪ ቁራጭ አብሬ ሰጠሁ። በዚያው ወረቀት፣ በዚያው መጠን፣ አስቸጋሪ ጥንዶች ብቻ የተጻፉበት ነው። ሸማ ሰማ፣ ቡና ቢና፣ ቸረ ተረ፣ ሱፍ ሲፍ። ትርጉም የሌላቸውን ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው፤ ትርጉም ያለውን ቃል አእምሮ ከአውዱ ይሞላዋል፣ የሌለውን ግን ዓይን ብቻ ነው የሚያነበው። ቁራጩን ይዤ ወደ እኒያ ሸማኔ ሄድኩ። አሁንም ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ፤ ከላይ እስከ ታች ሳይቆሙ አነበቡት። «ሲፍ» ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው «ይሄስ ምንድን ነው?» አሉኝ።