ከጥቅሱ በላይና በታች

አንድን የመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር ከዙሪያው መዞ አውጥቶ ለፈለጉት ሐሳብ ማስረጃ ማድረግ ከታዳጊዎች የመነጨ ልማድ አይደለም። በታክሲ መስታወት፣ በምርቃት ካርድና በቴሌግራም ምስሎች ላይ የሚያዩት ጥቅስ ሁሉ ብቻውን የቆመ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤትም በቃላቸው እንዲይዙ የሚሰጣቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥር ነው። የገጹ አቀማመጥም ልማዱን ያግዛል። የምዕራፍ ክፍፍሉ የመጣው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ዛሬ የምናውቃቸውን የአዲስ ኪዳን ቁጥሮች ደግሞ ሮበርት እስቴን የተባለ ፈረንሳዊ አታሚ በ1551 እ.ኤ.አ. አውጥቷቸዋል። ነቢያቱና ሐዋርያቱ ሲጽፉ በቁጥር የተቆራረጠ ዐረፍተ ነገር አያውቁም ነበር።

ይህን ልማድ ለማረም ስለ አውድ ንግግር ማድረግ ብዙም አይረዳም። ታዳጊዎች ንግግሩን ሰምተው ራሳቸውን ይነቀንቁና በማግስቱ ያንኑ ጥቅስ እንደ ቀድሞው ይለጥፉታል። የሚሻለው ሁሉም የሚያውቁትን አንድ ቁጥር መርጦ ከበላዩና ከበታቹ ያለውን ራሳቸው እንዲያገኙት ማድረግ ነው። ለዚህ ከኤርምያስ 29፥11 የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሚያስበው የክፉ ሳይሆን የሰላም ሐሳብ መሆኑን፣ ፍጻሜና ተስፋ እንደሚሰጣቸውም የሚናገረው ቁጥር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ፣ ቪዛ ሲጠበቅ፣ ሥራ ሲፈለግ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀሰው እሱ ነው።

መምህሩ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ታሪክ ይህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ገደማ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር የይሁዳን ንጉሥ ኢኮንያንን፣ ከእርሱም ጋር መኳንንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ማርኮ ወሰደ። በኢየሩሳሌም ሴዴቅያስ ነገሠ። የተማረኩት በባቢሎን፣ የቀሩት በኢየሩሳሌም ሆነው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር፤ ይህ መቼ ያበቃል? ሐናንያ የተባለ ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ የቤተ መቅደሱ ዕቃም ምርኮኞቹም ይመለሳሉ ብሎ በሕዝብ ፊት ተናገረ፤ ኤርምያስ በአንገቱ ላይ የተሸከመውንም የእንጨት ቀንበር ሰበረው። ይህ በምዕራፍ 28 ይገኛል። ምዕራፍ 29 ደግሞ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ለምርኮኞቹ የላከው ደብዳቤ ነው። ያደረሱትም ሴዴቅያስ ወደ ናቡከደነፆር የላካቸው ሁለት ሰዎች፣ የሳፋን ልጅ ኤልዓሣና የኬልቅያስ ልጅ ገማርያ ናቸው።

ትምህርቱ ከ14 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን ሲሆን 75 ደቂቃ ይወስዳል። አሥራ አምስት ያህል ልጆች ቢኖሩ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። የሚያስፈልገው መጽሐፍ ቅዱስ፣ እርሳስና የተባዛ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የምዕራፍ 29 የመጀመሪያዎቹ 14 ቁጥሮች ያለ ርእስና ያለ ቁጥር፣ እንደ ደብዳቤ ወርደው ይጻፋሉ። ይህ ጥቃቅን ዝግጅት ቢመስልም የክፍለ ጊዜው ግማሽ ውጤት ከእሱ ነው። ቁጥር በሌለበት ገጽ ላይ የታወቀውን ጥቅስ ለማግኘት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ከማንበብ ሌላ መንገድ የለም።

በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ወረቀቱ አይታደልም። እያንዳንዱ ልጅ ቁጥር 11ን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አንብቦ ለእርሱ ምን እንደሚል በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጽፍና አጥፎ ያስቀምጠዋል። መምህሩ አይሰበስበውም፤ አስተያየትም አይሰጥበትም። ብዙዎቹ ስለ ውጤታቸው፣ ስለ ትዳር፣ ወደ ውጭ ስለ መሄድ ይጽፋሉ።

ከዚያ ወረቀቱ ታድሎ አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌሎቹ የባቢሎን ምርኮኞች ሆነው ይሰማሉ። ደብዳቤው ቤት ሥሩና ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ተጋቡ፣ ልጆቻችሁንም ዳሩ ይላል። ቀጥሎ ለሰሚው ከሁሉ የሚከብደው ይመጣል፤ ለማረካችሁ ከተማ ሰላም ጸልዩ። ሕልም የሚያልሙላችሁንም አትስሙ። ሰባ ዓመት ሲፈጸምም እጎበኛችኋለሁ። የታወቀው ጥቅስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ሒሳብ ብቻ ያሠራል። ደብዳቤውን የሰማው ልጅ 15 ዓመቱ ቢሆን መመለሻው ሲደርስ ስንት ይሞላዋል? ሰማንያ አምስት። ወላጆቹስ? ክፍሉ ዝም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው፤ መምህሩም ዝምታውን በማብራሪያ ሊሞላው አይገባም። የቁጥር 11 ተስፋ እውነት ነው፤ ከሰሚዎቹ አብዛኞቹ ግን በዓይናቸው አያዩትም።

ቀጣዮቹ ሃያ ደቂቃዎች የአራት ጥያቄዎች ናቸው። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ከዚህ በፊት ምን ሆነ? ቀጥሎስ ምን ይላል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በእጃቸው ካለው ወረቀት ይመልሷቸዋል። ለሦስተኛው ወደ ምዕራፍ 28 ተመልሰው የሐናንያን ታሪክ ያነባሉ። ሐናንያ ሁለት ዓመት አለ፤ ኤርምያስ ሰባ አለ። ሰዉ የትኛውን ለመስማት እንደሚወድ ማንም ልጅ ያውቃል። ሐናንያ ይህን የተናገረው በአምስተኛው ወር ነበር፤ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር እንደ ሞተ በምዕራፉ መጨረሻ ተጽፏል። ስለዚህ ቁጥር 11 ፈጥኖ የሚመጣ መልካም ነገርን የሚያበስር ጥቅስ ሊሆን አይችልም። ፈጣኑን ተስፋ ያቀረበው ሌላው ነቢይ ነበር፤ ደብዳቤውም የተጻፈው እንዲህ ያለውን ተስፋ ለማፍረስ ነው።

ለአራተኛው ጥያቄ ከቁጥር 24 ጀምሮ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ያነባሉ። ይህ ክፍል በስብከት እምብዛም አይነሣም፤ ለትምህርቱ ግን ቁልፉ ነው። ደብዳቤው ባቢሎን ሲደርስ ኔሔላማዊው ሸማያ ተቆጥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ካህናት መልስ ጻፈ። ዘመኑ ረጅም ነው፣ ቤት ሥሩ ብሎ የጻፈውን ይህን ሰው ስለ ምን አላሰራችሁትም የሚል ክስ ነበር። ዛሬ በምርቃት ካርድ ላይ የሚታተመውን ደብዳቤ ከመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ቢያንስ አንዱ እንደ ክፉ ወሬ ነው የተቀበለው። ታዳጊዎች ይህን ራሳቸው ሲያገኙት ከመምህሩ ከሚሰሙት ይልቅ አይረሱትም።

ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 8 የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስን የጠየቀው ነቢዩ ይህን የሚለው ስለ ማን ነው፣ ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ነው። የጠየቀው የንባቡን ባለቤት ነው፤ ለእኔ ምን ይላል ብሎ አልጀመረም። የቤተ ክርስቲያኒቱ የአንድምታ ትርጓሜም ንባቡን በተራ እየተከተለ፣ አንድም እያለ የሚሄድ በመሆኑ በዚያ ወግ ያደጉ ልጆች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ባዶ እጃቸውን አይመጡም።

በሚቀጥሉት አሥራ አምስት ደቂቃዎች ልጆቹ ሁለት ነገር ይጽፋሉ። መጀመሪያ ቁጥሩ ለእነዚያ ምርኮኞች ምን እንዳለ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ ከዚያ ወደ ዛሬ ሰው ምን እንደሚሻገር በሌላ። ቅደም ተከተሉ መገለባበጥ የለበትም። ጥሩ የሚባል መልስ እንዲህ ያለ ነው፤ «ምርኮው ይረዝማል፣ እግዚአብሔር ግን አልጣላቸውም፣ ስለዚህ ባሉበት ቦታ በትክክል ይኑሩ።» ከዚህ ተነሥቶ ያልፈለገው የትምህርት ክፍል የተመደበለት ተማሪ ስለ ትዕግሥትና ስለ ዛሬ ሥራው ሊያስብ ይችላል። እንደሚያልፍ ዋስትና ተሰጥቶኛል ሊል ግን አይችልም። ከዚያ ያጠፉትን ወረቀት ከፍተው ሁለቱን ያስተያያሉ። ማንም ጮክ ብሎ እንዲያነብ አይገደድም።

በዚህ ደረጃ የሚያጋጥመው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ከተጠበቀው በተቃራኒ ነው። ጎበዙ ልጅ «እንግዲያው ጥቅሱ እኛን አይመለከትም» ይላል። ይህ ሰነፍ መልስ ነው፤ ብልህ መስሎ መታየቱ ደግሞ ለሌሎቹ አደገኛ ያደርገዋል። የሚሻለው ደብዳቤው እግዚአብሔር ረጅም ጊዜ ለሚጠብቅ ሕዝብ እንዴት እንደሚናገር ምን ያሳያል ብሎ መልሶ መጠየቅ ነው። ሌላው ስሕተት ቤት ውስጥ ይታያል። የተማረው ልጅ እናቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለችውን ጥቅስ ሊያርም ይነሣል። እሷ ግን ጥቅሱን የያዘችው ብዙ መከራ አሳልፋ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከደብዳቤው መንፈስ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ አራቱ ጥያቄዎች መጀመሪያ በራስ ጥቅስ ላይ የሚሠሩ መሆናቸው በክፍሉ ውስጥ በግልጽ ይነገራል።

የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ፈተና ነው፤ ያለ መምህር እርዳታ ይሠራል። ፊልጵስዩስ 4፥13 ይሰጣቸዋል፤ ጳውሎስ ኃይል በሚሰጠው ሁሉን እንደሚችል የሚናገርበት፣ ኳስ ተጫዋቾች የሚወዱት ቁጥር ነው። ከበላዩ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ስለ መጥገብና ስለ መራብ፣ ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ስለ መማር ይናገራሉ። ከበታቹ ያለው በመከራው ስለ ተካፈሉለት ያመሰግናቸዋል። በምዕራፍ 1 ደግሞ በእስራት ላይ መሆኑ ተጽፏል። ትምህርቱ መግባቱን የሚያሳየው የልጁ መልስ ትክክል መሆኑ ብቻ አይደለም። መምህሩ የሚያየው እጁን ነው፤ ማንም ሳያዘው ገጹን ወደ ላይ ከገለጠ ገብቶታል። ቁጥር 13ን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እያነበበ ትርጉም የሚፈልገው ልጅ ግን ገና ነው።

ዘዴው በሁሉም መጻሕፍት ላይ እኩል አይሠራም። ከምሳሌ ምዕራፍ 10 ጀምሮ ያሉት አባባሎች አብዛኞቹ ለየብቻቸው የቆሙ ናቸው፤ እዚያ ከላይና ከታች መፈለግ ያልነበረ ታሪክ ወደ መፍጠር ይወስዳል። በእነሱ ላይ የሚጠየቀው የጽሑፉ ዓይነት ነው፤ ይህ ተስፋ ነው ወይስ በኑሮ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር? በመዝሙር ደግሞ መነበብ ያለበት ቢያንስ አንድ ሙሉ መዝሙር ነው። ፈታኙ ጌታን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈትነው የጠቀሰው መዝሙር 90ን ነው፣ በሌላው አቆጣጠር 91ን። የተሰጠው መልስ ከዘዳግም 6 የተወሰደ ነበር። ሁለቱን ክፍሎች ከማቴዎስ 4 ጋር አስተያይቶ ማንበብ ለሚቀጥለው ሳምንት በቂ ሥራ ነው።

ለዚያ ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ ከስልኩ ወይም ከቤቱ ግድግዳ አንድ ጥቅስ ይዞ ይመጣል፤ አራቱን ጥያቄዎችም አስቀድሞ ይሠራባቸዋል። መምህሩ ዝርዝሩን ከሁለት ቀን በፊት መቀበል አለበት፤ ምክንያቱም ከሚመጡት ጥቅሶች አንዳንዶቹ ካርዱ ላይ እንደ ተጻፉት፣ በቦታቸውም ሲነበቡ ያንኑ የሚሉ ይሆናሉ። እነዚህን ቀድሞ ለይቶ ማወቅና በክፍሉ መካከል ማቅረብ ያስፈልጋል። አለዚያ ልጆቹ አውድ ማለት ሁልጊዜ የታወቀውን ትርጉም ማፍረስ ነው ብለው ያስባሉ።